ፊታቸው ያለበት ሦስት ሰከንድ

ባሂራ የቪዲዮውን ስክሪፕት ስትጽፍ ማንንም አላሰበችም። ያሰበችው ሰከንዱን ብቻ ነበር።

ቡታጅራ ዋናው መንገድ ዳር ባለው የሳላሀዲን የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ለደንበኛ ዕቃ ታሳያለች፤ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ በስልኳ አጫጭር ቪዲዮ እየቀረጸች በሱቁ ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። ድስት፣ ፍላስክ፣ የጁስ መፍጫ አሳይታለች። በዚያ ሰሞን የመጣው ግን በገመድ የሚጎተት የሽንኩርት መክተፊያ ነበር። ክብ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ነው፤ ውስጡ ሦስት ምላጭ፣ ክዳኑ ላይ እጀታ ያለው ገመድ አለው። ሽንኩርቱን አራት ቦታ ሰንጥቆ መጨመር፣ ክዳኑን በመዳፍ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ገመዱን መሳብ ነው። ሲሳብ ምላጩ ይሽከረከራል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ገመዱ ተመልሶ ይጠቀለላል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ይሄማ በሳምንት ያልቃል ብሎ ሳላሀዲን ስድስት ካርቶን አምጥቶ ነበር። በሦስት ሳምንት የተሸጠው አራት ፍሬ ነው።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ ባሂራ ብቻዋን ሠራችው። መጀመሪያ በቢላ ከተፈች፣ ቀጥሎ በመክተፊያው። አርባ ሰከንድ ፈጀ። እስከ መጨረሻው ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

"ልዩነቱ አይታይም" አላት ሳላሀዲን፣ ስልኩን እያቀበላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው። "አንቺ ወጣት ነሽ፣ በቢላም ትፈጥኛለሽ። ታዲያ ሰው ለምን ይግዛው? የሰው ጣት ስልኩ ላይ ነው ባሂራ፤ በአስር ሰከንድ ውስጥ በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ ብለሽ ካላሳየሽው ያልፍሻል።"

እውነቱን ነበር። ባሂራ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

"ከዜሮ እስከ ሦስት፦ በፊት። ትልቅ ሴት፣ ቢላ፣ ሽንኩርት። እጅ ይዝላል፣ ዓይን ያነባል። ጽሑፍ፦ እስከ መቼ?

ከሦስት እስከ ስምንት፦ ያው ሽንኩርት ይገባል፣ ክዳን፣ መጎተት። ሙዚቃ የለም፤ የገመዱ ድምፅ ይሰማ።

ከስምንት እስከ አስር፦ በኋላ። ክዳኑ ይነሳል፣ ሽንኩርቱ ያው ሰሃን ላይ ይገለበጣል። ጽሑፍ፦ የሱቁ ስልክ ቁጥር።"

ከሥሩ ደግሞ ለራሷ ማስታወሻ ጨመረች፦ ሰሃኑ አንድ፣ የመስኮቱ ብርሃን አንድ፣ ስልኩ ከቆመበት ንቅንቅ እንዳይል። ተመልካች በፊትና በኋላን የሚያምነው ከተለወጠው ነገር በቀር ሌላው ሁሉ እንዳለ ሲቀመጥ ነው። ይህን ማንም ሳያስተምራት ደርሳበታለች፤ ትኮራበትም ነበር።

የጎደለው "ትልቅ ሴት" የሚለው ብቻ ነበር። ወዲያው እትዬ ከድጄ ትዝ አሏት።

እትዬ ከድጄ የሰርግ ወጥ ሠሪ ናቸው። ቡታጅራና ዙሪያዋ፣ እስከ መስቃን ገጠር ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱን ድግስ ያወጡ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከእነ ባሂራ አጥር ጋር ይያያዛል። ባሂራ እናቷ ገበያ በሚውሉበት ቀን ሁሉ ምሳዋን እዚያ ቤት እየበላች ነው ያደገችው። ስለዚህ እምቢ እንደማይሏት ታውቃለች።

"ፊቴ ይታያል እንዴ?" አሏት፣ ነገሩን ስታስረዳቸው።

"ኧረ አይታይም። እጅዎ ብቻ ነው እትዬ።"

"ታዲያ ለእጅ ምን ችግር አለው። ነይ ጠዋት፤ ፀሐይዋ ማድቤት የምትገባው ያኔ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ባሂራ የስልክ ማቆሚያዋን ማድቤታቸው ውስጥ ተከለች። ነጭ ሰሃን፣ አንድ ዘንቢል ሽንኩርት፣ የቆየ ቢላ አቀረበች። እትዬ ከድጄ የእንጨት ዱካቸው ላይ ተቀመጡና ቢላውን አነሱ። እጃቸው ልማዱን አልረሳም፤ ታ ታ ታ ብሎ ግማሹን ሽንኩርት ጨረሰው።

"እትዬ፣ ፈጠኑ! እንደዚህ ከሆነማ መክተፊያውን ማን ይገዛዋል?" ብላ ሳቀች ባሂራ። "ቀስ ይበሉ። እንዳቃተዎት ይሁኑ።"

እሳቸውም ሳቁ። ሁለተኛውን ቀስ ብለው ሞከሩ፤ ግን ያስታውቃል፣ ሕፃን የሚያጫውቱ ይመስላል። ባሂራ አሁንም እንደገና አለች። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ከተፉ። ፍሬሙን ትንሽ ሰፋ ብታደርገው የሚሻል መስሏት ስልኩን ወደ ኋላ ሳበችው።

ስድስተኛው ላይ የእትዬ ከድጄ የቀኝ እጅ አንጓ በድንገት ከዳቸው። ቢላው ከጣታቸው ወጥቶ ሰሃኑ ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ። እጃቸውን በሌላኛው እጅ ያዙና ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ፊታቸው ተኮማትሮ ቀና አሉ፣ ልክ ወደ ስልኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም።

"ደህና ነዎት?" አለች ባሂራ።

"ምን እሆናለሁ። እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት" አሉ፣ ቶሎ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ።

ባሂራ ውሸት መሆኑን ያኔውኑ አውቃለች። በኋላ ለራሷ ብዙ ሰበብ ደርድራለች፤ ያቺን ቅጽበት ግን ልትክዳት አልቻለችም። አውቃለች፤ አውቃም "እሺ" አለች፤ ምክንያቱም በስልኩ መስታወት ላይ ያየችው ሦስት ሰከንድ ከጻፈችው ሁሉ የተሻለ ነበር።

ቀጥሎ ገመዱን እትዬ ከድጄ መሳብ ነበረባቸው። ሞከሩ፤ ግማሽ ድረስ ስበው እጃቸው ቆመ። "እጀታው ያዳልጣል" አሉ። ባሂራም የእሳቸውን ሹራብ ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ጣቷ ሥር አውርዳ፣ ቦታቸው ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ከፍሬም አውጥታ አስራ አራት ጊዜ ጎተተች። መክተፊያው ምንም አላሳፈራትም፤ ሁለት ራስ ሽንኩርት እንደሚባለው ደቃቅ አደረገ። አስራ አንድ ሰከንድ ፈጅቶበት ነበርና አፍጥና ወደ አምስት አወረደችው። ክዳኑ ሲነሳ ያው ነጭ ሰሃን፣ ያው የፀሐይ ብርሃን፣ ያው ሹራብ። ማንም ቢያይ አንዲት ሴት ናት የሚለው።

ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን ስትቆራርጥ ፊታቸውን የማያሳየውን አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። ቀዘቀዘባት። ፊታቸው ያለበትን መለሰችና ለቀቀችው። ሐሙስ ነበር።

ቅዳሜ ላይ ቪዲዮውን ከአራት መቶ ሺህ ሰው በላይ አይቶታል። ከወልቂጤ፣ ከጉንችሬ፣ ከሆሳዕና ሳይቀር ይደወላል። ስድስቱም ካርቶን አለቀ፤ ሳላሀዲን ሌላ አዘዘ። "አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ!" እያለ ለመጣ ሰው ሁሉ ያሳያታል። እሷም ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ኮሜንቱን አንብባዋለች። "እኚህን እናት ጡረታ አውጧቸው"፣ "ቢላው ራሱ አዘነላቸው" የሚሉት አስቀውባታል። ከዚያ አንዱ ፊታቸውን ብቻ ቆርጦ፣ ቢላው ሲወድቅ የመኪና ጥሩንባ ጨምሮበት ለቀቀው። ሌላው ያንን ወስዶ ከኳስ ተጫዋች ጋር አጣመረው። በአራተኛው ቀን ባሂራ የተሳፈረችበት ባጃጅ ሹፌር ስልኩን እያሳያት "የእኛ ከተማ ሴትዮ ናቸው አሉ፣ አይተሻቸዋል?" አላት። አላየኋቸውም አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእትዬ ከድጄ በር ማለፍ ተወች። ከኋላ ባለው በእንሰቱ መሐል ዞራ ቤቷ ትገባለች።

እትዬ ከድጄ እንዲህ ዓይነት ስልክ የላቸውም። ነገሩን የሰሙት ከዘይባ ነው። ዘይባ ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና መውጫው ላይ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት፤ ልጇን ልትድር ከወር በፊት እሳቸውን ለወጥ ይዛ ነበር። ሰርጉ አስር ቀን ሲቀረው መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ሌላ ሰው መያዟን ነገረቻቸው። "እጅዎ እንደደከመ አየን፤ ላለማስቸገር ብለን ነው" አለቻቸው። የት እንዳየችው ሲጠይቋት ደንግጣ "በስልክ" ብላ ሄደች።

በማግስቱ እትዬ ከድጄ ሱቁ ድረስ መጡ። ባሂራ ከሩቅ አይታቸው መጋዘን ልትገባ ነበር፤ ደረሱባት።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም እትዬ።"

"አሳዪኝ።"

ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ስልኳን አውጥታ ከፈተችላቸው። ቪዲዮው አለቀና ራሱ እንደገና ጀመረ። እትዬ ከድጄ ሦስት ጊዜ አዩት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛዋ እሳቸውንና ስልኩን አየት አየት አደረገችና አንገቷን ደፋች።

"ይሄ እጅ የኔ አይደለም" አሉ በመጨረሻ፣ ገመዱን የሚስበውን እያመለከቱ።

"የኔ ነው።"

"ሹራቤን ለብሰሽ።"

"አዎ።"

"ያቃተው የኔ፣ የቻለው ያንቺ።" ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። "ዓመት ሆኖኛል እኮ ባሂራ። ጠዋት ስነሳ ጣቴ አይታጠፍም። ለልጄም አልነገርኩም፤ ወልቂጤ ነይ ብላ ትወስደኛለች። ሴቶቹን እኔ ቅመሙን ልያዝ፣ እናንተ ክተፉ እያልኩ ቀስ በቀስ ልተወው ነበር። ማንም ሳያይ። አንቺ ግን አይተሽ ነበር። አይደል?"

ባሂራ አንገቷን ወደ ታች ነቀነቀች። እትዬ ከድጄ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያን ዕለት ሳላሀዲንን ቪዲዮውን ላጥፋው አለችው።

"አዲሱ ዕቃ ሰኞ ይገባል" አላት። "ደግሞስ ብታጠፊው ምን ይጠቅማል? የሰው ስልክ ሁሉ ውስጥ ገብቷል። ለሴትዮዋ አንድ ነገር እንስጣቸው፤ እኔም ቅር ብሎኛል።"

"ፊትዎ አይታይም ብያቸው ነበር።"

"እሱን ለኔ አልነገርሽኝም።"

እውነት ነው፤ አልነገረችውም። የገጹ የይለፍ ቃል እሷ ዘንድ ነበር። እፊቱ ቆማ ቪዲዮውን አጠፋችው፤ ስልኩንም ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሳላሀዲን "እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አላት። አልተከራከረችውም።

ሳላሀዲን እንዳለው ግን የጥሩንባው ቪዲዮ በየሰዉ ገጽ ላይ እንዳለ ነበር። ማጥፋቷ ማንንም አላዳነም።

ዘይባ እትዬ ከድጄን እንደተወቻቸው በሰፈሩ ተሰምቶ ነበር፤ ስለዚህ ዘይባ ቤት ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ ቀላል ውሸት።

"ትወና ነው" አለቻት። "እኔ ነኝ እንዲህ ይሁኑ ያልኳቸው። ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ምንም አልሆነም።"

ዘይባ ጨርቅ እያጠፈች ሰማቻት። ፊቷ ፈካ። "ወላሂ? እኔ እኮ ከልቤ አዝኜ ነበር፤ የሌላዋ እጅ የእሳቸውን አይተካም። በቃ ነገ ይምጡና እዚህ ይክተፉ፤ አማቶቼም አይተዋል፣ ሁሉም ዓይኑ እያየ አፉን ይዝጋ።"

ባሂራ ያደረገችው ገባት። ነገ እትዬ ከድጄን እዚህ ግቢ፣ ሴቶች ከብበዋቸው፣ ቢላ አስይዛ ልታስቀምጣቸው ነው። ያንኑ ነገር ደግማ ልትሠራ ነው፤ ያውም አሁን ያለ ስልክ።

"ዋሸሁ" አለች።

ዘይባ ማጠፏን አቆመች።

"ቀስ ይበሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሱ እውነት ነው። ቢላው የወደቀው ግን አሟቸው ነው። እያየሁ ተጠቀምኩበት። ፊትዎ አይታይም ብዬ፣ ፊታቸውን አወጣሁት።" ዓይኗን ማንሳት አልቻለችም፤ ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ እያየች ቀጠለች። "ወጡን ወጥ የሚያደርገው ግን ሽንኩርት መክተፍ አይደለም። እርስዎም ያውቃሉ። ከታፊ ካስፈለገ እኔ እከትፋለሁ፤ እሳቸው ይዘዙኝ። ሙሉውን። ክፍያ አልፈልግም።"

ዘይባ ጨርቁን አስቀመጠች። "እናትሽ ይሄን ታውቃለች?" አለቻት።

"አታውቅም።"

"ንገሪያት። ከዚያ ከድጄን እሷ ትጠይቃቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም።"

ለእናቷ መንገሩ ከሁሉ ይልቅ ከበዳት። እናቷ አልጮሁም። ነጠላቸውን አንስተው ጎረቤት ገቡ፤ እስኪመለሱ ባሂራ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። "ለዘይባ ስል እመጣለሁ ብላለች" አሏት። "ለአንቺ አላለችም።"

የሰርጉ ዋዜማ ማለዳ በዘይባ ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ተደፍቶ ነበር። ባሂራ መክተፊያውን ይዛ መጥታለች፤ ቢያንስ እሱ ይረዳኛል ብላ። የመጀመሪያውን ዙር ቸኩላ ከግማሽ በላይ ሞላችው፤ ገመዱ ነክሶ ቀረ። አጉድላ ደገመችውና እንዲደቅ ብላ ሠላሳ ጊዜ ያህል ጎተተችው። እትዬ ከድጄ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይሄ ውሃ ሆኗል" አሉ። "ድስት ሲገባ አይቁላላም፣ ይቀቀላል። ለሁለት ራስ ሽንኩርት ጥሩ ዕቃ ነው። ለድግስ አይሆንም። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አድርጊበት። ይሄን በቢላ።"

ስለዚህ በቢላ። ሌሎቹ ሴቶች ሦስት ሲጨርሱ ባሂራ አንድ ትጨርሳለች። እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ልብሷን አራሰው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጣቷ ተላጠ። ማን እንደሆነች ያወቁት ሴቶች መጀመሪያ በጉራጊኛ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ሳቁ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻት። ባሂራ ፊቷን ልትሸፍን እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው፤ ምን መብት አለኝ ብላ።

እትዬ ከድጄ ድስቱ ዘንድ ተቀምጠው በማማሰያ ጫፍ ያዛሉ። "እሳት ቀንሱ። ቅቤው ይቆይ። በርበሬው አሁን።" ማንም እጃቸውን አላየም፤ ሁሉም የሚያየው የሚያመለክቱትን ነበር። ባሂራን በስሟ የጠሯት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ "ባሂራ፣ ይሄ ወፍሯል፤ እንደገና።"

ሰርጉ አማረ። ሰዉ ወጡን አመሰገነ። ስለ ቪዲዮው ያነሱም ነበሩ፤ ዘይባ እንደምንም ወሬ እየቀየረች አሳለፈችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገሩን የሰማችው ልጃቸው ወልቂጤ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችላቸው፤ እሷ ግን ሥራ ስለነበራት ልታደርሳቸው አልቻለችም። የባሂራ እናት ባሂራ አብራቸው እንድትሄድ ጠየቋቸው፤ እትዬ ከድጄም አልከለከሉም። በሚኒባሱ ውስጥ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ብቻ አወሩ።

የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት እትዬ ከድጄን ደጋግማ አየቻቸው፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ወደ ባሂራ ዘንበል አለች። "እኚህ እናት በቲክቶክ የወጡት አይደሉም? ቢላው የወደቀባቸው?"

እትዬ ከድጄ ሰምተዋል። ካርዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ።

"ናቸው" አለች ባሂራ። "እኔ ነኝ የቀረጽኳቸው። እጃቸውን አሟቸው ነበር። ሳላስፈቅዳቸው ነው ፊታቸውን ያወጣሁት።"

የሴትዮዋ ፈገግታ ጠፋ። ባሂራን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት፤ የሚረሳ ዓይነት አስተያየት አልነበረም። ባሂራም አንገቷን ሳትደፋ ቁጭ አለች።

ከውስጥ የከድጄ ስም ተጠራ። እትዬ ከድጄ ሊነሱ ሲሉ አግዳሚውን በቀኝ እጃቸው ተመረኮዙና ፊታቸው ጨፈገገ። ባሂራን ሳያዩ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

"ያዢኝ" አሉ።